ድረ ገጽ አልከፈት ሲል፦ ያገደው ኔትወርኩ ነው፣ አገሩ ነው ወይስ ገጹ ራሱ ወድቋል?

አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል አብዛኞቻችን ቶሎ የምንጠይቀው «ተዘግቶ ይሆን?» ብለን ነው። መልስ የሚያስገኘው ጥያቄ ግን «ጥያቄዬ እስከ የት ደርሶ ቆመ? የመለሰልኝስ ማን ነው?» የሚለው ነው። ብራውዘር አንድን ገጽ ለመክፈት በመጀመሪያ የገጹን ስም ለዲኤንኤስ ሰጥቶ የቁጥር አድራሻውን ይቀበላል፤ ቀጥሎ ወደዚያ አድራሻ ግንኙነት ይከፍታል፤ በመጨረሻም ያገኘው ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን በሰርተፊኬቱ አረጋግጦ ገጹን ያወርዳል። እገዳም ሆነ ብልሽት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጥያቄው የቆመበትን ቦታ ማወቅ ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ መንገድ ነው።

ከመሞከር በፊት

ይዘቱን ማየት ብቻ በሚኖሩበት አገር ወይም በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ችግር ሊያመጣብዎ የሚችል ገጽ ከሆነ፣ ከራስዎ ስልክ ወይም ከቢሮ ኮምፒውተር ጨርሶ አይሞክሩት። የብራውዘር የግል መስኮት ታሪክዎን ከስልክዎ ላይ ይሰውራል እንጂ ከኔትወርኩ አይሰውርዎትም፤ አድራሻው በ`https` የሚጀምር ቢሆን እንኳ የሚያነቡት ነገር ባይታይም የገጹ ስም አብዛኛውን ጊዜ ለኔትወርኩ ይታያል። እንዲህ ላለው ገጽ ሌሎች ቀድመው የመዘገቡትን ማየት ይሻላል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንተርኔት እገዳን የሚመዘግበው ኡኒ የተባለው ፕሮጀክት በ`explorer.ooni.org` ላይ በየአገሩ የተደረጉ ፍተሻዎችን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያሳያል።

በፍተሻ ጊዜ የይለፍ ቃል አያስገቡ። የሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ሲመጣም አልፈው አይሂዱ።

ምልክት፦ ሌሎች ገጾችም አይከፈቱም

መጀመሪያ ምንም የማያስጠረጥር ሌላ ገጽ፣ ለምሳሌ `example.com`ን ይክፈቱ። እሱም እምቢ ካለ ስለ እገዳ ማሰብ ገና ነው። በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ላይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያልተሞላ የመግቢያ ቅጽ ነው፤ `neverssl.com`ን ሲከፍቱ ቅጹ ብቅ ይላል። በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ ማስታወቂያ ለመከልከል ተብሎ `Private DNS` በሚለው ቦታ ላይ አድራሻ ተሞልቶ ከነበረና ያ አድራሻ መሥራት ካቆመ፣ የትኛውም ገጽ አይከፈትም፤ ወደ `Automatic` መመለስ ይበቃል።

በእኛ ዘንድ የሚደጋገም አንድ ስህተት አለ፤ የስልክን ወይም የኮምፒውተርን ቀን በእኛ አቆጣጠር መሙላት። መሣሪያው ዓመቱን ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ የገጾቹ ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ መስሎት `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያስተካክሉት፤ ለንባብ የእኛን የቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ መተግበሪያ ለብቻው መጠቀም ይቻላል።

ምልክት፦ በዋይፋይ አይከፈትም፣ በሞባይል ዳታ ይከፈታል

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ፍተሻ ሲሆን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረውም እሱ ነው። በዚያው ስልክ ዋይፋዩን አጥፍተው በዳታ ሲሞክሩ ገጹ ከተከፈተ፣ ገጹም አልወደቀም፣ አገርም የዘጋው አይመስልም፤ ችግሩ ያለው በዚያ ዋይፋይ ወይም ዋይፋዩ በሚጠቀምበት መስመር ላይ ነው። ቪፒኤን በርቶ ከሆነ አስቀድመው ያጥፉት፤ አለበለዚያ ሁለቱም ሙከራዎች በአንድ መንገድ አልፈው የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ።

አብራኝ የምትሠራ ወጣት የነፃ ትምህርት ማመልከቻ የምታስገባበት ገጽ በመሥሪያ ቤታችን ዋይፋይ ላይ `NET::ERR_CERT_AUTHORITY_INVALID` የሚል ማስጠንቀቂያ እያወጣ አስቸገራት። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር «አገር ዘግቶት ነው» በሚለው ወሬ ተጨንቃለች። በስልኳ ዳታ ስትሞክረው ግን ወዲያው ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ `Command Prompt` የተባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን እነዚህን ሁለት ትእዛዞች የገጹን ስም በ`example.com` ቦታ ተክተን ጻፍን፦

```
nslookup example.com
nslookup example.com 1.1.1.1
```

የመጀመሪያው የቢሮውን ዲኤንኤስ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በውጭ ያለ ሌላ ዲኤንኤስ ይጠይቃል። የቢሮው መልስ በ`10.` የሚጀምር አድራሻ ነበር። በ`10.`፣ በ`192.168.` ወይም በ`127.` የሚጀምር አድራሻ የውስጥ ኔትወርክ ወይም የመሣሪያው የራሱ አድራሻ እንጂ በኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ አድራሻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የመለሰልን ገጹ ሳይሆን የቢሮው ማጣሪያ መሣሪያ ነበር፤ ብራውዘሩም ያስጠነቀቀው የመጣው ሰርተፊኬት የዚያ መሣሪያ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ መልሶች የተለያዩ የኢንተርኔት አድራሻዎች መሆናቸው ብቻ እገዳን አያሳይም፤ ትልልቅ ገጾች ለየአካባቢው የተለያየ ሰርቨር ስለሚሰጡ ልዩነቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውም ኔትወርኩን ነፃ አያወጣውም፤ ወደ `1.1.1.1` የሚሄደው ጥያቄ በግልጽ ስለሚጓዝ ኔትወርኩ በመንገድ ላይ ሊይዘውና የራሱን መልስ ሊሰጥ ይችላል።

መፍትሄው ማጣሪያውን የሚያልፉበትን ዘዴ መፈለግ አልነበረም። የገጹን አድራሻ፣ የተሞከረበትን ሰዓት፣ የስህተቱን ጽሑፍና የሁለቱን ትእዛዞች መልስ በኢሜይል ለአይቲ ባለሙያው ላክን። ገጹ በቅርቡ የተከፈተ በመሆኑ ማጣሪያው ምድቡ ያልታወቀ ብሎ ከልክሎት ኖሮ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ተለቀቀ። ማመልከቻውን ግን በዳታ አስቀድማ አስገብታ ነበር። ከእርሷ በፊት ማስጠንቀቂያውን አልፎ የይለፍ ቃሉን የሞላ አንድ ባልደረባችን ቃሉን እንዲቀይር ነገርነው፤ በዚያ ቅጽበት ማጣሪያው የጻፈውን ሊያነብ ይችል ነበርና።

ምልክት፦ በሁሉም ኔትወርክ አይከፈትም

አሁን አገር የሚለው ጥያቄ ተገቢ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም ሞክሮ ሁለቱም በአንድ መልክ እምቢ ካሉት፣ ሌሎች የውጭ ገጾች ግን በደህና ከተከፈቱለት፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይሁንና ሁለቱም ኩባንያዎች የወደቀ ገጽን ሊከፍቱ አይችሉምና የውጭ ዓይን ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ የገጹን የፊት ገጽ ብቻ እንዲከፍት መጠየቅ ይበቃል። ዘመድ ካልተገኘ `downforeveryoneorjustme.com` ከራሱ ሰርቨር ሞክሮ ይነግርዎታል፤ ይህ አገልግሎት ገጹ በሕይወት መኖሩን ብቻ እንጂ እርስዎ ባሉበት መታገዱን እንደማያውቅ ልብ ይበሉ።

የውጭውን ዓይን አስፈላጊነት መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ያሳያል። በዚያ ምሽት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ጠፉ። ምክንያቱ በኩባንያው የራሱ ኔትወርክ ላይ በጥገና ወቅት የተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሆን፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ስለወጡ የገጾቹ ስም አድራሻ አልተገኘለትም። ከአዲስ አበባ ለሚያይ ሰው ምልክቱ ከዲኤንኤስ እገዳ የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ የለየው በዋሽንግተንም፣ በዱባይም፣ በለንደንም በአንድ ጊዜ መጥፋቱ ነው። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው ግን ተቃራኒው ነበር። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ውስጥ ሲገደቡ በውጭ ላሉት በደህና ይሠሩ ነበር፤ ገደቡም እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ።

ጥያቄዎ የቆመበትን ደረጃ በዓይንዎ ለማየት፣ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን ትእዛዝ መጠቀም ይቻላል፦

```
curl -vI -m 20 https://example.com
```

`Could not resolve host` ካለ የቆመው ዲኤንኤስ ላይ ነው። `Connected to` የሚል መስመር ታይቶ ወዲያው ግንኙነቱ ተቆረጠ የሚል ቃል (`reset`) ከተከተለ፣ ወይም 20 ሰከንዱ በዝምታ ካለቀ፣ አንድ መሣሪያ በመንገድ ላይ የገጹን ስም አንብቦ ግንኙነቱን አቋርጦት ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ለውጭው ሰው ከተከፈተ፣ ሌሎች ገጾችም ለእርስዎ ከተከፈቱ ይህ ጠንካራ ምልክት ነው። አንድ ሙከራ ግን አይበቃም፤ መስመር ሲጨናነቅም ተመሳሳይ ነገር ስለሚታይ በተለያዩ ሰዓታት ሦስት አራት ጊዜ ይሞክሩና ሰዓቱን ይመዝግቡ።

መልሱ በቁጥር ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ወይም ከፊቱ የቆመ አገልግሎት አናግሮዎታል ማለት ነው። `502`፣ `503` እና `504` ገጹ ታሟል ማለት ስለሆኑ መጠበቅ እንጂ ሌላ መድኃኒት የላቸውም።

ምልክት፦ `403` ወይም `451`

ይህ ከአገር እገዳ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ጥያቄው ሳይደናቀፍ ደርሶ፣ ሰርተፊኬቱም ትክክል ሆኖ፣ ባለቤቱ ራሱ ከእርስዎ አገር የመጣን ጎብኚ አልቀበልም ያለበት ሁኔታ ነው። `451` በሕግ ምክንያት አልተፈቀደም ለማለት የተመደበ ቁጥር ሲሆን፣ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች ለአውሮፓ አንባቢዎች ይህንኑ መልሰዋል። በጀርመን ወይም በስዊድን የምትኖሩ ወገኖች እንዲህ ያለውን ገጽ መንግሥት የዘጋው ሊመስላችሁ ይችላል፤ መጠየቅ ያለበት ግን የገጹ ባለቤት ነው። `403` ይበልጥ አሻሚ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጋራው የሞባይል አድራሻ በገጹ ጥበቃ ስለተጠረጠረም ሊመጣ ይችላልና በሌላ ኔትወርክ ይሞክሩት።

እገዳው የአገር መሆኑ ከታወቀ

ፈጥኖ ያልታወቀ ነፃ ቪፒኤን ማውረድ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ሲሆን እኔ የምፈራውም እሱን ነው። የቪፒኤኑ ባለቤት ቀድሞ ኔትወርኩ ያየው የነበረውን ሁሉ ያያል፤ ማንነቱን ካላወቁ የተቆጣጣሪ ለውጥ አደረጉ እንጂ ከቁጥጥር አልወጡም። ሕጉም በየአገሩ ይለያያል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዋትስአፕ መልእክት እያስተላለፈ ጥሪው ብቻ እምቢ የሚለው በአገር ደረጃ ባለ ክልከላ ነው፤ በዚያ አገር ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀም ከባድ ቅጣት አለው። ስለዚህ እዚያ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ለጥሪ የተፈቀዱትን መተግበሪያዎች ብትጠቀሙ ይሻላል።

ያዩትን ለሌሎች መመዝገብ ከፈለጉ ኡኒ ፕሮብ የተባለው መተግበሪያ ፍተሻውን በራሱ ያካሂዳል። ከማብራትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይወቁ፦ ውጤቱ ከአገርዎና ከኔትወርክዎ ስም ጋር በይፋ ይታተማል፤ መስመርዎን የሚከታተል አካል መተግበሪያውን መጠቀምዎን ሊያይ ይችላል፤ የፍተሻ ዝርዝሩም እርስዎ በፈቃድዎ የማይከፍቷቸውን ገጾች ሊያካትት ይችላል። የገጽ ምድቦችን ከመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ አስቀድሞ መቀነስ ይቻላል።