ለድሬዳዋ ሙቀት የሚሆን የሰርኪዩት ቦርድ ሳጥን

ድሬዳዋ ላይ ለትንሽ ሰርኪዩት ቦርድ ተጭኖ የሚቆለፍ ሳጥን በስሪዲ ፕሪንተር ለምትሠሩ፦ ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ ተዉት። 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ይጣመማል። ፒኢቲጂ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ክዳኑን የሚቆልፈው መንጠቆ ነው፤ አጭርና ወፍራም ስለሚደረግ። 5 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 2 ውፍረትና 1 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው መንጠቆ ሲታጠፍ ሥሩ ላይ 12 በመቶ ገደማ ይለጠጣል፤ ይሄ ስንጥቅ ማለት ነው። ርዝመቱን 12፣ ውፍረቱን 1.2፣ ጥርሱን 0.6 ስታደርጉት ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የሚረዳው ርዝመት ነው፤ በእጥፍ ሲጨምር መለጠጡ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሥሩንም ክብ አድርጉት። መንጠቆዎቹ ክዳኑ ላይ ከሆኑ ክዳኑን በጎኑ አቁማችሁ አትሙ፤ አለበለዚያ መንጠቆው በሕትመቱ ንብርብሮች መሐል ይላቀቃል።

ቦርዱን የሚይዙት የብሎን ምሰሶዎቹ ይሁኑ፤ መንጠቆው ክዳኑን ብቻ ይያዝ። የአየር ክፍተቶቹን በጎን ግድግዳ ከታችና ከላይ አድርጉ፣ ክዳኑ ላይ ከሆኑ አቧራው ቀጥታ ቦርዱ ላይ ነው የሚወርደው። የኬብሉን ቀዳዳ ግማሹን ከሳጥኑ፣ ግማሹን ከክዳኑ ብትቆርጡት ሶኬቱን ሳትፈቱ ታስገቡታላችሁ።