የተጠለፈ ኢሜይል የሐሰት የክፍያ ጥያቄ ከላከ በኋላ ለማኔጅመንት ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?

የፋይናንስ ባልደረባችሁ ኢሜይል ተጠልፎ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ክፍያውን በዚህ አስገቡ» የሚል መልእክት ለደንበኞች ወጣ እንበል። ባንክ ተደውሏል፤ የኢሜይል አካውንቱም ተዘግቷል። አሁን ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ይፈልጋሉ። ለማሳያ ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም አንድ አከፋፋይ ድርጅት እንውሰድ። ታሪኩን የፈጠርኩት ነው፤ አካሄዱ ግን የተለመደ ነው።

በገንዘቡ ጀምሩ። አለቆች ስለ ሎግ ከመስማታቸው በፊት ስንት ብር እንደሄደ ማወቅ ይፈልጋሉ። የተጠየቀውን፣ የተከፈለውንና የታገደውን ለያይታችሁ ጻፉ። በምሳሌያችን ኢሜይሉ ለ23 ደንበኞች ሄዷል፤ የተጠየቀው በድምሩ 9.6 ሚሊዮን ብር ነው። የከፈለው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ 1.8 ሚሊዮን ብር። ከዚህ ውስጥ 1.1 ሚሊዮኑን ባንኩ ሳይወጣ ደርሶበት አግዶታል፤ 700 ሺሁ ወጥቷል። የታገደ ብር ግን ገና የተመለሰ ብር አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ አስቀምጡት። ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለውን ለሕግ ክፍሉ ተዉት። «ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚል ቃል ከአይቲ ክፍል ሪፖርት ውስጥ ቢወጣ ነገ ተቆርጦ ይመጣባችኋል።

ቀጥሎ የጊዜ ሰሌዳው ነው። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ እኛ አገር። ሎጉ የሚያሳየው እንዲህ ነው፦

```
2025-10-22 06:12 UTC  UserLoggedIn
2025-10-22 06:19 UTC  New-InboxRule
```

በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት 9:12 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3:12 ማለት ነው። ዝም ብሎ «6:12» ብሎ የገለበጠ ሰው ድርጊቱን ወደ ምሳ ሰዓት ወሰደው። ስለዚህ የአገራችንን ሰዓት ጻፉና የሎጉን ሰዓት በአጠገቡ አስቀምጡ።

ሁለተኛው መስመር ትልቅ ነገር ይዟል። አጭበርባሪው በገባ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነ ሩል ፈጥሯል። ሩሉ «ክፍያ» ወይም «invoice» የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ ማንም ወደማይከፍተው የ`RSS Feeds` ፎልደር ይወስዳል። ደንበኞች «እውነት ነው ወይ?» ብለው ቢመልሱም ባልደረባችሁ አላየችውም። ይህ ሪፖርቱ ላይ መግባት አለበት፤ አለዚያ «አምስት ቀን ሙሉ እንዴት አላወቀችም?» የሚለው ጥያቄ እሷ ላይ ይወድቃል።

ኢሜይሎቹ የወጡት ጥቅምት 17 ከጠዋቱ 4:40 ጀምሮ ነው። ከሰዓት 8:05 አንድ ደንበኛ በስልክ ሲጠይቅ ነገሩ ተነቃ። 8:30 ላይ የኢሜይል አካውንቱ ተዘጋ። «ፓስወርድ ተቀየረ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ክፍት የነበሩት ሴሽኖች መቼ እንደተቋረጡና ሩሉ መቼ እንደተሰረዘ ለየብቻ ጻፉ፤ ፓስወርድ ስለተቀየረ ሩሉ አብሮ አይጠፋም።

ከዚያ የምታውቁትን ከምትገምቱት ለዩ። ለማን ኢሜይል እንደሄደ በመልእክት ክትትሉ ይታወቃል። አጭበርባሪው እንዴት እንደገባ ግን ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ምሳሌያችን ላይ የመግቢያ ሎጉ `MFA requirement satisfied by claim in the token` ይላል፤ ሁለተኛው ማረጋገጫ እንደ አዲስ ሳይጠየቅ፣ ቀድሞ በተሰጠ ቶክን ታልፏል ማለት ነው። ይህ በሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ አማካይነት ሴሽኗ ተሰርቆ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ አያረጋግጥም። «ምናልባት» በሉና ምን ቢገኝ እንደሚረጋገጥ ጨምሩ፦ ሊንኩን የያዘው ደብዳቤና የብራውዘሯ ታሪክ።

አጭበርባሪው ምን ምን አነበበ ለሚለው `MailItemsAccessed` የሚባለውን መዝገብ እዩ። መዝገቡ `Sync` የሚል ከሆነ የዚያ ፎልደር ደብዳቤ ሁሉ እንደታየ ቁጠሩት። መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ «አልተነበበም» አይባልም፤ «ማረጋገጥ አልቻልንም» ነው የሚባለው።

በመጨረሻ ከማኔጅመንቱ የምትፈልጉትን ውሳኔ ጻፉ። ሃያ ምክር አትደርድሩ፤ ማንም አያነበውም። እኔ ብሆን ሁለት ብቻ አስቀምጣለሁ። አንደኛው፣ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንዳይጸና፣ ደንበኞችም ከዚህ በፊት በሚያውቁት ስልክ ደውለው እንዲያረጋግጡ በደብዳቤ ማሳወቅ፤ ፋይናንስ እስከ ዓርብ። ሁለተኛው፣ ክፍያ ለሚነካ ሠራተኛ ሁሉ በሐሰተኛ ገጽ የማይታለል የደኅንነት ቁልፍ መግዛት፤ አይቲ፣ በጀቱ ሲፈቀድ።

ሪፖርቱ አናት ላይ «እስከ ጥቅምት 18፣ ከሰዓት 10:00 ያለው መረጃ» ብላችሁ ጻፉ። ስለ 700 ሺሁ ብር የባንኩ መልስ ሲመጣ አሮጌውን አትደልዙ፤ ሁለተኛ እትም አውጡና የተለወጠውን አንድ መስመር ብቻ አመልክቱ።