«ጠፋሽ።» ሲሏችሁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ያለችው አብሮ አደጌ በቴሌግራም «ጠፋሽ።» ብላ ላከችልኝ። አንድ ቃል፣ አንድ አራት ነጥብ። ወትሮ የምትለኝ «ጠፋሽሽሽ 😂❤️» ነበር። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ስደውል እናቷ ሆስፒታል ተኝተዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ትልቁ ስህተት ምልክቱን ከሰውየው ነጥሎ ማንበብ ነው። አራት ነጥብ በራሱ ኩርፊያ አይደለም። አክስቴ ሁልጊዜ «እንደምን ዋልሽ። እኛ ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን።» ብላ ነው የምትጽፈው። ደብዳቤ እየጻፈች ያደገች ሴት ናት፤ ሐሳቡ ካለቀ ነጥቡ ይቀመጣል። ልጇ ግን «እማዬ ተቀይማኛለች» ብላ ስትጨነቅ ነበር። ለልጅቷ መልእክቱ ሲላክ ሐሳቡ አብሮ አልቋል፤ ስለዚህ ነጥቡ ትርፍ ነው፣ ትርፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ይህን ተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ባለ አንድ ቃል የስልክ መልስ ነጥብ ሲጨመርበት ከልብ ያልሆነ መስሎ ታያቸው። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ላይ ግን ልዩነት አላመጣም።

ስለዚህ ከመደምደማችሁ በፊት ወደ ላይ ወጣ ብላችሁ የዚያን ሰው ያለፉ አሥር መልእክቶች እዩ። ሁሌም ነጥብ የሚያደርግ ከሆነ ምንም የለም። ዛሬ ብቻ ከሆነ፣ ኢሞጂውም አብሮ ከጠፋ፣ አንድ ነገር አለ። ኩርፊያ ይሁን ድካም ወይስ ሐዘን ግን ነጥቡ አይነግራችሁም።

ሌላው ስህተት ስልኩ የጻፈውን የሰው ማድረግ ነው። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ selam new ብሎ ስፔስ ሁለቴ የነካ ሰው፣ ብዙ ስልኮች ላይ ነጥቡ በራሱ ይገባለታል።

ኢሞጂ ላይ ደግሞ እንባው ያሳስታል። ወጣቶቹ 😭 ሲልኩ ብዙ ጊዜ በሳቅ ሞቱ ማለት ነው። እናቶቻችን ግን ልቅሶ ነው ብለው ይደነግጣሉ። 😂 ላይ ያለውንም እንባ አይተው ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ 😂» የሚሉ አሉ። እያዘኑ ነውና አትቀየሟቸው።

ላኪ ስትሆኑም ተጠንቀቁ። «ሰላም ነሽ?» ብላችሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «???» አትላኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክት ደህንነቷን ይጠይቃል፤ ሦስቱ ግን ለምን ዝም አልሽ የሚል ቁጣ ናቸው።

ነገሩ ከከበዳችሁ ደግሞ «ተቆጣሽ እንዴ?» ብላችሁ አትጻፉ። የደከመ ሰው ራሱን እንዲከላከል ታስገድዱታላችሁ፣ የሚመጣውም መልስ «አይ ምንም።» ነው፣ ከነነጥቡ። እኔ አሁን «ድምፅሽ ናፈቀኝ፣ ልደውል?» ነው የምላት። እሺ ካለች የመጀመሪያዋን «አቤት» ስሰማ አውቀዋለሁ።