ጎነ ሦስትን በትይዩ መስመር ስንቆርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለማስጠናው ልጅ አንድ ጥያቄ ሰጠሁት። ABC የሚባል ጎነ ሦስት አለ። D በ AB ላይ፣ E በ AC ላይ ይገኛሉ። DE ከመሠረቱ ከ BC ጋር ትይዩ ነው። AD 2 ሴንቲ ሜትር፣ DB ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ መስመሩ ጎነ ሦስቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ከላይ ትንሽ ጎነ ሦስት፣ ከታች ትራፒዝየም። የሁለቱ ስፋት ጥምርታ ስንት ለስንት ነው?

«4 ለ 9፣ ቲቸር» አለኝ፣ እስክሪብቶውን እንኳ ሳያነሳ።

መልሱ 4 ለ 21 ነው። ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም። የጎኖች ጥምርታ በካሬ ሲነሣ የስፋት ጥምርታ እንደሚሰጥ ያውቃል። 2 በ2፣ 4። 3 በ3፣ 9። ሕጉ ልክ ነው፤ የተጠቀመበት ቦታ ነው ያልሆነው።

ስህተት 1፦ AD ን ከ DB ጋር ማወዳደር

የካሬው ሕግ የሚሠራው መልካቸው አንድ በሆነ ሁለት ቅርጾች መካከል ብቻ ነው። አንዱ የሌላው ትንሽ ቅጂ መሆን አለበት። ከላይ ያለው ADE የትልቁ የ ABC ቅጂ ነው። የ A ማዕዘን የጋራቸው ነው፤ DE ትይዩ ስለሆነ D ጋ ያለው ማዕዘን B ጋ ካለው እኩል ነው። ከታች ያለው ግን ትራፒዝየም ነው። ትራፒዝየም የጎነ ሦስት ቅጂ ሊሆን አይችልም። DB የትራፒዝየሙ ጎን ስለሆነ፣ ካሬ አድርገን ከ AD ካሬ ጋር ብናወዳድረው ትርጉም የለውም።

ስለዚህ AD የሚወዳደረው ከሙሉው ጎን ከ AB ጋር ነው። AB = 2 + 3 = 5። ጥምርታው 2 ለ 5፣ የስፋቱ ደግሞ 4 ለ 25። ከጠቅላላው 25 እጅ ላይኛው 4 ከወሰደ፣ ለታችኛው 21 ይቀረዋል። የትራፒዝየሙ ድርሻ በመቀነስ ነው የሚገኘው።

ልጁ አላመነኝም፤ ደግ አደረገ። ቁጥር አስገብተን አየነው። B ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁን፣ BC ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር። የትልቁ ስፋት 5 × 10 ÷ 2 = 25። DE የ BC ን 2/5 ስለሚሆን 4 ነው። የትንሹ ስፋት 2 × 4 ÷ 2 = 4። ትራፒዝየሙ ደግሞ (4 + 10) ÷ 2 × 3 = 21። ልክ ቁጭ አለ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይኸው ስህተት DE ስንፈልግም ይመጣል። «DE ለ BC፣ 2 ለ 3» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስፋቱንም 4 ለ 9 ማለቱ አይቀርም። አንዱን ካያችሁ ሌላውን ጠብቁ።

ስህተት 2፦ ካሬውን መርሳት

መስመሩ በጎኖቹ መሀል ለመሀል ሲያልፍ፣ ብዙ ሰው ስፋቱ እኩል የተከፈለ ይመስለዋል። ወረቀት በጎነ ሦስት ቅርጽ ቁረጡ። የሦስቱንም ጎኖች መሀል ምልክት አድርጉና በመስመር አገናኙ። አራት እኩል ትንንሽ ጎነ ሦስቶች ታገኛላችሁ፤ አንዱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች። ጥምርታው 1 ለ 3 ነው። ከላይ ያለው ቁራጭ ቁመቱም በግማሽ፣ መሠረቱም በግማሽ ስላነሰ ሩብ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስህተት 3፦ ከስፋት ወደ ጎን ሲመለሱ መቸኮል

ጥያቄው ሲገለበጥ ስህተት 1 ልብስ ቀይሮ ይመጣል። «የትንሹ ጎነ ሦስትና የትራፒዝየሙ ስፋት 9 ለ 16 ነው። AD ለ DB ስንት ነው?» 9 እና 16 የሚያጓጉ ቁጥሮች ናቸው፤ ዳግም ዘራቸው 3 እና 4 መሆኑ ወዲያው ይታያል። ብዙው ተማሪ 3 ለ 4 ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

መጀመሪያ መደመር ነው። 9 + 16 = 25 የትልቁ ስፋት ነው። ትንሹ ለትልቁ 9 ለ 25፤ ጎናቸው 3 ለ 5። AD 3 እጅ፣ AB 5 እጅ ከሆነ DB የሚሆነው 2 ነው። መልሱ 3 ለ 2። የተሳሳተው መልስ AD ከ DB ያንሳል ይላል፤ ትክክለኛው ደግሞ ይበልጣል። ልዩነቱ የአቅጣጫም ጭምር ነው።

ስህተት 4፦ እኩል ለመክፈል የተሳሳተ ቦታ መቁረጥ

ሁለት ወንድማማቾች ጎነ ሦስት ቅርጽ ያለው መሬት ይካፈሉ እንበል። ሁለቱ ጎኖች 50፣ 50 ሜትር፣ መሠረቱ 60 ሜትር። ከፍታው 40 ሜትር ይመጣል፤ ስፋቱ 1200 ካሬ። ለእያንዳንዱ 600 ካሬ ይደርሰዋል። አጥሩ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ ይሁን ተባለ።

መሀል ላይ ቢቆርጡት አንዱ 300፣ ሌላው 900 ይወስዳል። ይህን አሁን እናውቃለን። ትንሽ የተማረው ደግሞ «የስበት ማዕከሉ ላይ እንቁረጥ» ይላል። ይሄኛው የበለጠ ያታልላል፣ ምክንያቱም ከጫፍ ወደ መሠረት መሀል የሚወርደው መስመር በእርግጥም ስፋቱን እኩል ይከፍላል፤ የስበት ማዕከሉም እሱ ላይ ነው ያለው። በማዕከሉ የሚያልፈው ትይዩ መስመር ግን ከጫፉ 2/3 ላይ ነው የሚያርፈው። 2/3 በካሬ 4/9። ክፍፍሉ 4 ለ 5 ይሆናል እንጂ እኩል አይደለም።

የምንፈልገው ካሬው 1/2 የሚሆን ቁጥር ነው። እሱም 1/√2፣ ወደ 0.7071 ነው። ከፍታው ላይ ከጫፉ 28.28 ሜትር። አጥሩ 60 × 0.7071 = 42.43 ሜትር ይረዝማል። 42.43 × 28.28 ÷ 2 ብትሉት 600 ይመጣል።

ችግሩ ሜትር ይዞ መሬት ላይ ሲወረድ ነው። 28.28 የሚለካው ከጫፉ ነው። ከመሠረቱ ከለካችሁት ከላይ 11.72 ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ለአንደኛው ወንድም የሚደርሰው ወደ 103 ካሬ ነው። ሌላው ደግሞ ከፍታውን ትቶ በጎኑ ድንበር ላይ 28.28 መለካት ነው። ጎኑ 50 ሜትር ስለሆነ 28.28 ሜትር ከጎኑ 0.5657 ያህል ብቻ ነው። ካሬው 0.32፤ ላይኛው ቁራጭ 384 ካሬ ይሆናል፣ ታችኛው 816።

እንዲያውም ከፍታውን ጭራሽ መለካት አያስፈልግም። መሬት መሀል ገብቶ ቀጥ ያለ ማዕዘን መፈለግ ራስ ምታት ነው። ከጫፉ ተነስታችሁ በሁለቱም ጎኖች ላይ 50 × 0.7071 = 35.36 ሜትር ለኩና ችካል ትከሉ። ሁለቱን ችካሎች በገመድ አገናኙ። ገመዱ በራሱ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ ይሆናል። ጎኖቹ እኩል ባይሆኑ እያንዳንዱን በየራሱ ርዝመት 0.7071 ታባዛላችሁ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሜትር ብትለኩ ግን ገመዱ ይጣመማል። ለማረጋገጥ ገመዱን ለኩት፤ እዚህ መሬት ላይ 42.43 ሜትር ካልሆነ አንዱ ችካል ቦታው ላይ አይደለም።