የነርስ ላይሰንስ ወደ ውጭ ሲዛወር፦ ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሌሊት ተረኛ ወጥታ፣ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል እንደያዘች፣ ጣና ዳር ሻይ ከምንጠጣበት ቤት መጣች። ሳትቀመጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ሲስተር፣ ያለ ላይሰንስ ሠርተሻል እያሉኝ ነው» አለች። ለዱባይ ያስገባችው ፋይል ተመልሶባታል። በእነሱ ስሌት አሥራ አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ያለ ፈቃድ ሠርታለች።

ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ ያለ ፈቃድ አልሠራችም። እኔ ራሴ ይህን መንገድ ከሄድኩበት ጊዜ ጀምሮ የብዙ ባልደረቦቼን ወረቀት አይቻለሁ። ፈተና ከሚጥለው ሰው ይልቅ ወረቀቱ የሚጥለው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። በተለይ እዚህ አገር የነበረን ምዝገባና ፈቃድ ማስመስከር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው። የእሷን ፋይል እየተከተልኩ ልንገራችሁ።

ማኅተም የበዛበትን ወረቀት «ተረጋግጧል» ብሎ ማመን

መጀመሪያ የነገረችኝ «ውጭ ጉዳይ አስመትቼዋለሁኮ» የሚል ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚመሰክረው ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማና ማኅተም የትክክለኛው መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው። ውስጡ የተጻፈው እውነት ይሁን አይሁን አይመለከተውም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ሳዑዲና ኳታር ሥራውን ዳታፍሎው ለሚባል ድርጅት ሰጥተውታል። ድርጅቱ እናንተ ያስገባችሁትን ኮፒ ይዞ ወረቀቱን ለሰጠው አካል በቀጥታ ይጽፋል፤ ዲግሪውን ለዩኒቨርሲቲው፣ የሥራ ልምዱን ለቀጣሪው፣ ላይሰንሱን ለመዝጋቢው። «ይህችን ሰው ታውቋታላችሁ? በዚህ ቀን ይህን ሰጥታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። የአሜሪካው ሲጂኤፍኤንኤስም (እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል) የትምህርትና የፈቃድ ማስረጃ ከሰጪው ተቋም በቀጥታ እንዲደርሰው ይፈልጋል። የእንግሊዙ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤትም ቢሆን ስለ ቀድሞ ምዝገባችሁ የሚሰማው ከመዝጋቢው አፍ ነው። በእጃችሁ ይዛችሁ የምትወስዱት ደብዳቤ፣ ምንም ያህል ማኅተም ቢኖረው፣ ይህን አይተካም።

ስለዚህ ከማኅተሙ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ይመልስልኛል?» የሚለው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ያቺን አሥራ አንድ ወር።

ስምንት ደምሮ ማለፍ

ልጅቷ የተመረቀችው ሐምሌ 2010 ነው። ላይሰንሷን ከክልሉ ያወጣችው ጥቅምት 12 ቀን 2011፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የተቀጠረችው ደግሞ ኅዳር 1 ቀን 2011 ነው። ፈቃድ ቀድሞ፣ ሥራ ተከትሎ፤ ምንም ችግር የለበትም።

የሥራ ልምዱን የተረጎመው ሰው በትክክል 10 ኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ብሎ ጻፈ። ላይሰንሱን የተረጎመው ሌላ ቤት ነው። እዚያ ያለው ልጅ ዓመቱ ላይ ስምንት ደመረና 22 ኦክቶበር 2019 አደረገው። ቀኑና ወሩ ትክክል ነው፤ ዓመቱ ግን 2018 መሆን ነበረበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ቀን ሲለወጥ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ስምንት የሚደመረው ፈረንጆች አዲስ ዓመት ከያዙ በኋላ ላለው ቀን ነው። በዚህች አንድ ቁጥር ምክንያት ፈቃዷ ሥራ ከጀመረች ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የተሰጠ መሰለ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጊዜ ደግሞ እንደ ልምድ አይቆጠርም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። የማጣሪያ ጥያቄው ለመዝጋቢው ሲደርስ፣ የመለሰው ሠራተኛ መዝገቡ ላይ እንዳለው 12/02/2011 ብሎ ሞላ። ለእኛ ጥቅምት 12 መሆኑ ግልጽ ነው፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው። ውጭ ሆኖ ለሚያነበው ግን 12 ፌብሩዋሪ 2011 ነው፤ ልጅቷ ሃይስኩል ተማሪ በነበረችበት ዘመን! አንድ ላይሰንስ፣ ሦስት የተለያየ ቀን። የማያውቃት ሰው ቢጠረጥር ምን ይገርማል?

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ማመላለሱ ነው ያደከማት። ትርጉሙን አስተካክላ አሠራች። ከዚያ መዝጋቢው ዘንድ ሄዳ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ተጽፎ፣ «ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለትም 22 ኦክቶበር 2018» የሚል ማብራሪያ ደብዳቤ አጻፈች። እናንተ ግን ይህን ከመጀመሪያው አስደርጉ። ትርጉም ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሁሉንም ቀኖች አንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ፤ ምረቃ፣ ፈቃድ፣ ቅጥር፣ መልቀቂያ። ሁሉንም ወረቀት አንድ ቤት ስጡ። ስትቀበሉም እዚያው ቆማችሁ ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት።

የዲፕሎማውን ዘመን ከዲግሪው ጋር መቀላቀል

እኛ ጋ በዲፕሎማ ወይም በደረጃ አራት ጀምሮ፣ እየሠራ በክረምት ወይም በማታ ዲግሪውን የያዘ ነርስ ብዙ ነው። ፎርሙ «ስንት ዓመት?» ሲለው ሁሉንም ደምሮ «ስምንት ዓመት፣ ቢ.ኤስ.ሲ. ነርስ» ይላል። መዝጋቢው ሲጠየቅ ግን የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው፤ በዚህ ቀን በዲፕሎማ ተመዘገበ፣ በዚህ ቀን ወደ ዲግሪ ተሻሻለ። ከማሻሻያው በፊት ያለው ዘመን ሌላ የሙያ መጠሪያ ያለው ዘመን ነው። የአሁኑን ላይሰንስ ብቻ ካስገባችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ፈቃድ የተሠሩ ይመስላሉ።

የድሮዋን፣ ጠርዟ የተበላችውን ላይሰንስ አትጣሏት። ሁለቱንም አስገቡ፤ የሥራ ልምዱም መጠሪያችሁ መቼ እንደተለወጠ በቀን ይግለጽ። ሌላ ክልል ወይም ሌላ አገር የተመዘገባችሁበት ጊዜ ካለም አትዝለሉት። ፎርሞቹ የሚጠይቁት አሁን ያላችሁበትን ብቻ ሳይሆን የነበራችሁበትን ሁሉ ነው፤ ያልተጻፈ ምዝገባ በኋላ ሲገኝ የተደበቀ ይመስላል።

መልስ የሚሰጠውን ሰው አለማወቅ

ጥያቄው በኢሜይል ይመጣል። የኛዋ ልጅ ለጤና ጣቢያው የሰጠችው አድራሻ የቀድሞው ኃላፊ የግል ጂሜይል ነበር፤ ሰውየው ከተዛወረ ቆይቷል። የግል ኢሜይል መጀመሪያውኑም አይወደድም፤ ማንም ሰው ለራሱ ሊከፍተው ይችላልና። በተደጋጋሚ ተጽፎ መልስ ሲጠፋ ፋይሉ ላይ «Unable to Verify» የሚል ይወጣል። ይህ «ሐሰት ነው» ማለት አይደለም፤ ሆኖም መንገዱን እኩል ይዘጋል።

የራሱ ኢሜይል የሌለው ጤና ጣቢያ ከሆነ የሥራ ልምዱን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲያጸድቀው ማድረግና የእሱን አድራሻ መስጠት ይሻላል። ፋይላችሁን ካስገባችሁ በኋላ ደግሞ የሰው ሀብት ክፍል፣ ሪጅስትራርና መዝጋቢው ዘንድ በአካል ሄዳችሁ፣ «በዚህ ቁጥር ጥያቄ ይመጣል፣ የማን ጠረጴዛ ላይ ያርፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ወድቆ ሳምንታት ያለፈበትን አይቻለሁ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳችሁንም ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ሪጅስትራሩ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመላኩ በፊት የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ስምን በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ማስጻፍ

ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ፅጌሬዳ የሚለው ስም ዲግሪው ላይ Tsigereda፣ ላይሰንሱ ላይ Tsegereda፣ የሥራ ልምዱ ላይ Tsgereda ሆኖ አይቻለሁ። ዋናው ፓስፖርቱ ነው። በተለይ ዲግሪው ላይ የአባት ስም ብቻ ኖሮ ፓስፖርቱ ላይ አያት ከተጨመረ፣ ወረቀቱን ከሰጠው ተቋም «የአንድ ሰው ስም ነው» የሚል ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ።

ልምድ መግዛት

ሁለት ዓመት የጎደለው ሰው «ደብዳቤ የሚሠራ ልጅ አለ» ይባላል። ማጣሪያው የሚጽፈው ለልጁ ሳይሆን ለሆስፒታሉ ነው። ሆስፒታሉ «አናውቀውም» ካለ ውጤቱ «Negative» ይሆናል፤ እሱም መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ዱባይ ላይ የወደቀውን ሰነድ ለኳታር ሲያስገቡት ያው ድርጅት ያነበዋል። ይህ ስህተት ሳይሆን ማጭበርበር ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልበትም።

ጉድ ስታንዲንግን ቀድሞ ማውጣት

ጉድ ስታንዲንግ ማለት መዝጋቢው «ይህች ባለሙያ ተመዝግባለች፣ ፈቃዷ የጸና ነው፣ የዲሲፕሊን ቅጣት የለባትም» ብሎ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን በመሆኑ ይሻግታል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር፣ ለአውስትራሊያ ሦስት ወር ነው ዕድሜው። ላይሰንሱ ራሱ ጊዜው ካለፈ ደግሞ መጀመሪያ እሱ መታደስ አለበት፤ ያልታደሰ ፈቃድ ላይ «የጸና ነው» ብሎ የሚፈርም የለም።

ሰው ሁሉ «አንድ ነገር እንኳ ይለቅልኝ» ብሎ ከእሱ ይጀምራል። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው፤ ትርጉሙ፣ ቀኑ፣ ስሙና የመላሾቹ አድራሻ ካለቀ በኋላ፣ ፋይሉ ሊገባ ሲል ነው የሚወጣው። ልጅቷ የመጀመሪያውን ከአዲስ አበባ ከጤና ሚኒስቴር ያወጣችው ገና ትርጉም ቤት ሳትገባ ነበር። የቀኑ ውዝግብ ተፈትቶ የላይሰንሷ ማጣሪያ «Positive» ያለ ዕለት አብረን ስናየው፣ ጉድ ስታንዲንጉ ስድስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ማታውኑ ለአዲስ አበባ የሌሊት ተረኛዋን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያየረች።