የሐበሻ ቀሚስሽ ከፊት ለምን ያጥራል? ሞላ ላልን ሴቶች ችግርና መፍትሄ

የእህቴ ሠርግ ላይ የለበስኩት ቀሚስ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ቆንጆ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሆዴ ላይ ተወጥሯል፣ ከፊት ቁርጭምጭሚቴ ይታያል፣ የቀኝ ብብቱ ስፌት ደግሞ ተተርትሯል። ነጠላዬን እዚያ ላይ ጣል አድርጌ እስከ ማታ ክንዴን ሳላነሳ ዋልኩ። እስክስታ የለ፣ ምን የለ። መወፈሬ ነው ብዬ ነበር፤ ቤት ገብቼ ቀሚሱን ገልብጬ በሜትር ስለካው ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

ቀሚሱ ከፊት ይነሳል፣ የታችኛው ጥበብ ይጎብጣል

ብዙዎቻችን ላይ የሚታየው ይሄ ነው። ከኋላ መሬት ይነካል፣ ከፊት ይንጠለጠላል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥበብ ቀጥ ማለት ሲገባው እንደ ቀስተ ደመና ይጎብጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጡትና ሆድ ጨርቅ ይበላሉ። ሰፊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁመት የሚለኩት ከኋላ ነው፣ ከዚያ ፊቱንም በዚያው ይቆርጡታል። የእኔን ልንገርሽ፦ ከትከሻ፣ ከአንገት ስር ተነስቶ በጡት ላይ አልፎ እስከ ወገብ 48 ሳንቲሜትር ነው። ከኋላ እስከ ወገብ 43። አምስት ሳንቲሜትር ልዩነት አለ። ሰፊው ሁለቱንም 43 ቆርጦት ነበር፣ ስለዚህ የፊቱ ወገብ ከወገቤ በላይ ተሰቀለ፣ ጠርዙም አብሮት አምስት ሳንቲሜትር ወጣ።

አሁን ልብ በይ። ሌላ ጨርቅ ቢሆን ከታች ከፊት ትንሽ አርዝሞ መቁረጥ ይቻል ነበር። ጥበብ ግን አብሮ የተሸመነ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ጠርዙን አጉብጠሽ ከቆረጥሽው ጥበቡ ይበላሻል። ስለዚህ የጎደለው ቁመት መጨመር ያለበት ከላይ ነው። ከወገብ በላይ ያለው የፊት ጨርቅ በልዩነቱ ልክ ይረዝማል፣ ትርፉ ደግሞ ጎን ላይ ወደ ጡት በሚያመለክት ፔንስ ይታጠፋል። «ፔንስ አልፈልግም፣ ወፍራም ያስመስላል» የሚሉ አሉ። ተቃራኒው ነው፤ ፔንስ ከሌለ ጨርቁ ከጡት ጫፍ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ታች ይወድቃል፣ ያኔ ነው ሆድሽ ከጡትሽ ጋር እኩል የሚመስለው።

ተሰፍቶ ካለቀስ? ወገቡ ላይ ስፌት ካለው እሱን ማስፈታት ነው። ፊት ለፊት መሀል ላይ 5 ሳንቲሜትር ሆኖ ወደ ጎን እየቀጠነ የሚጠፋ ቁራጭ ይገባበታል፣ ከላዩ መቀነት ይሸፍነዋል። የእኔን ያዳንኩት እንዲህ ነው። ወገቡ ላይ ስፌት የሌለው ወጥ ቀሚስ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ የሚሠራ ነገር የለም።

ክንድሽን ስታነሺ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል

ሁላችንም የምንለው ነገር አለ፦ «ብብቱን ሰፋ አድርግልኝ»። ሰፊው ብብቱን ወደ ታች ይቆርጠዋል፣ ችግሩም ይብሳል። ብብቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እጅጌው ከጎንሽ ጋር ይታሰራል፣ ክንድሽን ስታነሺ ቀሚሱን ጎትቶ ይዞ ይወጣል፣ በመጨረሻ ስፌቱ ይለቃል።

መሆን ያለበት ብብቱ ከፍ፣ እጅጌው ሰፋ ነው። ብብትሽ ስር እርሳስ አግድመሽ ያዢ፤ ስፌቱ ከእርሳሱ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። የእኔ 7 ነበር። እጅጌውን ደግሞ ክንድሽ በጣም የሚወፍርበት ቦታ ለክተሽ 5 ጨምሪበት። የእኔ ክንድ 42 ስለሆነ እጅጌው 47 ይሆናል።

ለተሰፋ ቀሚስ መፍትሄው ብብት ስር የሚገባ ቁራጭ ጨርቅ ነው። በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ካሬ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ትንሽ ይለጠጣል። ክንድሽ ካልተነሳ ማንም አያየውም።

ስትቆሚ ልክ ነው፣ ስትቀመጪ ይወጠራል

ቆመሽ ስለተለካሽ ነው። ስንቀመጥ ዳሌና ሆድ ወደ ጎን ይሰፋል። እኔ ቆሜ ዳሌዬ 126 ነው፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ስቀመጥ 132 ይሆናል። ሰፊው «4 ጨምሬልሻለሁ» ብሎ 130 ሰፍቶታል። ሁለት ሳንቲሜትር በሚጠበኝ ቀሚስ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ ማለት ነው! አሁን ተቀምጬ እለካለሁ፣ በዚያ ላይ 6 አስጨምራለሁ፣ 138። ሰፊው ይገርመዋል፣ ይገረም።

ድንኳን ይመስላል

«ሰፊ ልበሺ፣ ይሸፍንሻል» የሚለው ምክር ያመጣው ነው። ወፈር ያለ ፈትል ወገብ ላይ ዙሪያውን ሲሸነሸን እጥፋቱ ይደራረባል፣ ሆድ ላይ ሌላ ሆድ ይጨምራል። ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ሻጩ ጨርቁን አንድ ሜትር ያህል ይዘርጋልሽ፣ አንዱን ጠርዝ በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው። እንደ ውሃ ወደ ታች ከወረደ ጥሩ ነው። እንደ ካርቶን ወደ ጎን ከቆመ አንቺም ላይ እንደዚያው ይቆማል፣ እሱን ለጋቢ ተዪው። ሳሳ ያለውን መነን ጠይቂ።

ሽንሽን ካማረሽ ደግሞ ሆድሽ ፊት ለፊት ያለው ያልተሸነሸነ ይሁን፣ ሽንሽኑ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይሂድ። ከወገብ እስከ 12 ሳንቲሜትር ድረስ እጥፋቱ ላይ ይሰፋበት፣ ከዚያ በታች ይለቀቅ። የታችኛው ጥበብ አይነካም፣ ሆድም አይነፋም።

ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ያልባል

ላዩ ጥጥ ሆኖ እንዴት ያልበኛል ካልሽ ገበሩን ገልጠሽ እዪው። ርካሹ ገበር ፖሊስተር ነው፣ ላብ አይጠጣም። በጥጥ ይቀየር እንዳልልሽ ጥጥ ከጥጥ ጋር ይያያዛል፣ ስትራመጂ በእግርሽ መሀል ይሰበሰባል። ቪስኮስ ገበር ሁለቱንም ያስታርቃል፤ ላብ ይጠጣል፣ ይንሸራተታል። ገበሩ ከታች ከቀሚሱ ጋር አይሰፋ፣ ለብቻው ይንጠልጠል። ለጭን መፋተግ ደግሞ ከስር ላይክራ ያለው የጥጥ ቁምጣ ልበሺ፣ ጉልበት አካባቢ የሚደርስ። አጭሩ ተጠቅልሎ ይወጣና የባሰ ይልጥሻል።

ከታጠበ በኋላ ጠበበ

ጥጥ ይሰበሰባል። ከመሰፋቱ በፊት 30 በ30 የሆነ ቁራጭ እጠቢና አድርቀሽ ለኪው። 28 ተኩል ከሆነ በመቶ 5 ሄዷል፣ 140 ሳንቲሜትር ቀሚስ ላይ 7 ሳንቲሜትር ማለት ነው። በዚያው የጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነም ታያለሽ። የሚሰበሰብ ከሆነ ጨርቁ በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይሰፋ።

ልክ ለመሞከር ስትሄጂ በዕለቱ የምታደርጊውን ጡት መያዣ አድርገሽ ሂጂ፣ ቁመቱም ጡቱም በእሱ ይቀየራል። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ጫማሽን ለማሰር አጎንብሺ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ ለሰፊው የምታጎርሺው አስመስዪ። እኔ እንዲህ ሳደርግ ሰፊው ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን የግራ ብብቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገበት።