እናቴ ካሜራ ታፍራለች፤ የበርበሬ ቪዲዮዋን እንዲህ ሠራነው

እማዬ በርበሬ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ለቲክቶክ ልቀርጻት ስልኬን ሳነሳ ግን ድምጿ ይጠፋል፣ እጇም ይተሳሰራል። አራት ቀን ባከነብን።

መጀመሪያ ጽሑፍ አስጠናኋት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች። ወረቀት ከስልኩ ጀርባ ስይዝላት ደግሞ ዓይኗ ሲያነብ ይታያል። በሙዚቃ ብቻ ስንለቀው ሰው ምን እንደምትሠራ አልገባውም።

የሠራልን ምስሉንና ድምፁን መለየት ነው። እጇን ብቻ ከላይ ቀረጽኩ፦ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ሲወቀጥ፣ ድልዙ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ኮረሪማው ሲታመስ። ሰባት ቀረጻ፣ እያንዳንዱ አራት ሰከንድ ገደማ።

ማታ ቡና ላይ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩላትና “እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን እያደረግሽ ነው?” አልኳት። የስልኬ ድምፅ መቅጃ በርቷል። “ድልዙን ሳይደርቅ ካነሳሽው ይሻግትብሻል፤ በእጅሽ ጨብጠሽ እይው” አለች። ስክሪፕቱ ይሄው ነበር! እኔ ብጽፍላት እንዲህ አይወጣም። መክፈቻ አደረግኩት።

ከተናገረችው 45 ቃል ያህል ብቻ መርጬ ወሰድኩ። እማዬ በሰከንድ ሁለት ቃል ገደማ ስለምትናገር፣ ለሙቀጫው ድምፅም ጥቂት ሰከንድ ተረፈ። ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ላይ መጀመሪያ ድምፁን አስቀምጬ ምስሉን በሱ ልክ ቆረጥኩ። በተቃራኒው ስሞክር ንግግሯ መሀል ላይ ይቆረጥ ነበር።

ድምፅ ስትቀዱ ከፍሪጅ ራቁ። ጉምጉምታው ከንግግሯ ሥር ገብቶ ሊወጣልኝ ስላልቻለ አንዱን ቅጂ ደግመነዋል።